ነርሷ ደሙን ለምን ዘጋችው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ተናጋሪዋ ለብዙ ዓመታት በማዋለጃ ክፍል የሠሩ ነርስና የማኅበራችን አባል ናቸው።)



ባለፈው ወር ከስብሰባ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት እህታችን የሆዷን ነገረችን። የወንድሟ ሚስት ሆስፒታል ተኝታ ደም ታዞላት ነበር። ቤተሰቡ ከሰፈር ሰው ለምኖ፣ ወጣቶቹን ይዞ ሄዶ፣ ደም የሚተኩ ሰዎች አስለገሰ። ደሙ መጣ፣ ተንጠለጠለ፣ መንጠብጠብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ መጥታ ለካቻትና ዘጋችው። ከረጢቱንም ይዛው ሄደች። «ያን ያህል ለፍተን ያገኘነውን ደም!» አለች እህታችን፤ ቅሬታዋ እስከ ዛሬ አልወጣላትም።

ሊቀ መንበራችንም «አንቺ ሙያሽ ነውና በሚመጣው ወር ንገሪን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እዚህ ካለነው ውስጥ ሆስፒታል ገብታ ያላስታመመች የለችምና ነገሩ የሁላችንም ነው። የማወራችሁ ስለ አንድ ወረቀትና ስለ አንድ ሌሊት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። ደም ሲሰጥ ነርሷ አልጋው ግርጌ የምታስቀምጠው የክትትል ቻርት አለ። ከላይ የታማሚዋ ስም፣ የካርድ ቁጥሯ፣ የደም ዓይነቷ፣ ከዚያ የደሙ ከረጢት ቁጥር፣ የከረጢቱ የደም ዓይነትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይጻፋል። የሁለት ባለሙያዎች ፊርማ ይኖረዋል። ከሥሩ ሰንጠረዥ አለ፤ ሰዓት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስና የደም ግፊት የሚሞላበት።

ሰንጠረዡ የሚሞላበት ጊዜ የታወቀ ነው። ደሙ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ እንደተጀመረ አንድ ጊዜ፣ በ15ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቢያንስ በየሰዓቱ፣ ደሙ ሲያልቅ፣ በመጨረሻም ካለቀ ከ4 ሰዓት በኋላ። አንድ ከረጢት ደም ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር፣ ከተጀመረም በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዚያ በላይ በክፍል ሙቀት ከቆየ ተህዋስ ሊራባበት ይችላል።

ከእነዚህ መስመሮች ሁሉ ሁለቱን አስታውሱልኝ፤ «ከመጀመሩ በፊት» የሚለውንና «15ኛው ደቂቃ» የሚለውን።

«ከመጀመሩ በፊት» የሚለው መስመር ከሌለ የቀሩት ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም። የልብ ምቷ በደቂቃ 120 ነው ብላችሁ ብትነግሩኝ ምን ልበላችሁ? ሲጀመር 118 ከነበረ ለውጥ የለም። 84 ከነበረ ግን አንድ ነገር ሆኗል። ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ሙቀቷ ከመነሻው በ1 ዲግሪ ጨምሮ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ደሙን እንጠረጥራለን። የጨመረውን ለማወቅ መነሻው መጻፍ አለበት።

15ኛው ደቂቃ ደግሞ ትልቁ አደጋ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጥበት ነው። ዓይነቱ የማይገጥም ደም ከገባ ጉዳት ለማድረስ ብዙ አያስፈልገውም፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ደሙ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበው፤ ለዚህም ነው ነርሷ በዚያ ሰዓት ከአልጋው መራቅ የሌለባት። አስታማሚዎች «ሲስተር፣ ፍጥነቱን ጨምሪልን እንጂ» ይሉናል። ቀስ ማለቱ የታማሚዋ መድን ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሌሊት ሥራ በዝቶብኝ ሳልለካ ቻርት ሞላሁ። ሙቀት 36.5፣ የልብ ምት 80፣ አተነፋፈስ 20፣ የደም ግፊት 110/70፤ ከላይ እስከ ታች በየመስመሩ ያንኑ ጻፍኩ። ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ነርስ አዩትና ጠሩኝ። «ይህች ሴት ሐውልት ናት እንዴ?» አሉኝ። «አራት ሰዓት ሙሉ 80 ብቻ የሚመታ ልብ የት አየሽ?» ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ታማሚዋ ምንም አልሆነችም። ቢሆንባት ኖሮ ግን እኔ አላውቅም ነበር፤ ወረቀቱም ደህና ናት እያለ ይመሰክርብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልለካሁትን ጽፌ አላውቅም። ሳልለካ ካለፈኝ ባዶውን እተወዋለሁ። ባዶ መስመር ቢያሳፍርም አይዋሽም።

ወደ ሌሊቱ ታሪክ ልግባ። ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሆስፒታሉንና ሰዎቹን በስም አልጠራም።

ሴትዮዋ 28 ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ልጇን ወልዳ የእንግዴ ልጁ ቀርቶባት ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ሄሞግሎቢኗ 6.2 ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅተኛ ነው። የደም ዓይነቷ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ሁለት ከረጢት ታዘዘላት። የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ተሰጣትና ያለ ችግር አለቀ። ሁለተኛው በእኛ ተራ፣ ማታ መጣ።

ደሙን ያመጣው ሠራተኛ ከረጢቱን ከመጠየቂያ ወረቀቱ ጋር ነርሶች ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እኔና ባልደረባዬ እዚያው ቆመን አመሳከርን። እሷ ወረቀቱን ታነባለች፣ እኔ ከረጢቱን አያለሁ። ስም ከነአባት፣ ትክክል። የካርድ ቁጥር፣ ትክክል። የደም ዓይነት፣ ትክክል። ሁለታችንም ፈረምን። ይዤ ወደ አልጋው ሄድኩና ስሟን ጠራሁ። «አቤት» አለች።

ስህተቱ የት እንደሆነ ገብቷችኋል? ወረቀትን ከወረቀት ጋር ነው ያመሳከርነው። ከረጢቱም ወረቀቱም ማኅፀን ክፍል የተኛች የሌላ ሴት ነበሩ፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። የእኛዋን ሴት ካርድ ግን ማንም አልገለጠም። የሁለቱ ሴቶች ስም እስከ አባታቸው አንድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስምና የአባት ስም የሚገጥሙ ሁለት ሴቶች በአንድ ሆስፒታል ቢገኙ ብርቅ አይደለም። የካርድ ቁጥራቸው የሚለያየው በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ነበር። ስሟን እኔው ጠርቼ «አቤት» ማለቷ ደግሞ ማረጋገጫ አይሆንም። ደክሟት የተኛች ሴት ለማንም አቤት ትላለች። «ስምሽ ማን ነው? የአባትሽስ? የአያትሽስ?» ብዬ እሷው እንድትናገር ማድረግ ነበረብኝ።

ደሙን ከመጀመሬ በፊት ለካሁ። ሙቀት 36.8፣ የልብ ምት 104፣ አተነፋፈስ 22፣ የደም ግፊት 100/60። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ቀስ አድርጌ ጀመርኩ። ጥቂት ደቂቃ አጠገቧ ቆየሁ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ያለችውን ልይ ብዬ ዞር አልኩ።

ከምሽቱ 3፡22 ላይ አክስቷ ጠሩኝ። «ሲስተር፣ ነይ እስቲ። ይህች ልጅ ልክ አይደለችም።» ሄድኩ። ካኑላ ያለበት ክንዷ እንደሚያቃጥላት ነገረችኝ፤ ወገቧን ይዟታል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አትሂጂብኝ» አለችኝ። ይህ የመጨረሻው ቃል አስደነገጠኝ። ትምህርት ቤት ሳለን «ታማሚው አንድ ክፉ ነገር ሊደርስበት እንደሆነ ይሰማዋል» ብለው ያስተማሩን ምልክት ነው።

ለካሁ። የልብ ምት 128፣ የደም ግፊት 84/50፣ አተነፋፈስ 28፣ ሙቀት 37.1። ሙቀቷን እዩት፤ የጨመረው በ0.3 ብቻ ነው። ትኩሳት እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ ደሙ እየገባ ይቀጥል ነበር። የነገረኝ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ከመነሻው ያላቸው ርቀት ነው፤ ከዚያም በላይ የራሷና የአክስቷ ቃል።

እንዲህ ሲሆን ነርስ የምታደርገው በቅደም ተከተል ነው፤ ያደረግነውንም በዚያው ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ደሙን ወዲያው መዝጋት። ሐኪም እስኪመጣ፣ ፈቃድ እስኪገኝ አይጠበቅም። መዝጋት የነርሷ ሥልጣን ነው። አክስቷ ጮኹብኝ፤ «ደሟ አልቆ እያየሽ ትዘጊያለሽ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ሁለተኛ፣ ካኑላውን አለመንቀል። ግፊት ሲወርድ የደም ሥር ይጠፋል፤ ሌላ መስመር መፈለግ ጊዜ ይበላል። የሚነቀለው ቱቦው ነው፣ እስከ ካኑላው ድረስ። ቱቦው ውስጥ ያለው ደም ያው መጥፎው ደም ነውና በዚያው ቱቦ ሌላ ፈሳሽ ቢለቀቅ እሱን ገፍቶ ያስገባዋል። በአዲስ ቱቦ ኖርማል ሳላይን ሰቀልን።

ሦስተኛ፣ ለእርዳታ መጣራት። ባልደረባዬ ሐኪሙን ጠራች። እኔ ኦክሲጅን አደረግኩላት፣ እግሯን ከፍ አደረግኩ፣ ደግሜ ለካሁ። ከዚህ በኋላ መለኪያው በየሰዓቱ መሆኑ ቀርቶ በየጥቂት ደቂቃው ሆነ።

አራተኛ፣ ማንነትን እንደገና ማመሳከር፣ አሁን ግን አልጋው ላይ፣ ከሰውየዋ ጋር። ካርዷን ገልጬ ከረጢቱ አጠገብ ያዝኩት። ካርዱ ኦ ይላል። ከረጢቱ ኤ ይላል። ጉልበቴ ከዳኝ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ።

አምስተኛ፣ ለደም ክፍሉ ወዲያው መናገር። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ደም ከተቀያየረ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የእኛ ታማሚ የሌላዋን ከወሰደች ሌላዋ ደግሞ የእኛዋን ልትወስድ ትችላለች። ስንደውል ሁለተኛው ከረጢት ገና ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ አስቆሙት።

ስድስተኛ፣ ከረጢቱን ከነቱቦው አለመጣል። ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ከሌላኛው ክንዷ አዲስ ደም ተቀድቶ አብሮ ሄደ፤ መጀመሪያ የሸናችውም ሽንት እንዲሁ። ላቦራቶሪው የደሙን ውሃ መልክ ያያል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈነዱ ውሃው ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ይሄዳል። የደም ዓይነቱንም ከሥር ይመረምራል። የእህታችን ነርስ ከረጢቱን «ይዛው ሄደች» የተባለው ለዚህ ነው። ሰርቃው ወይም ጥላው አይደለም።

ሰውነቷ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው የኤ እና የቢ ደምን የሚያጠቃ መከላከያ ከተፈጥሮው በደሙ ውስጥ ይዞ ይዞራል። የኤ ደም ሲገባ ያ መከላከያ ሕዋሳቱን ያፈነዳቸዋል። ከፈነዱት የሚፈስሰው ወደ ኩላሊት ይወርድና ኩላሊቱን ይጎዳል። የደም ግፊት ይወድቃል። ደም የመርጋት ችሎታም ሊዛባ ይችላል። ይህ ገና ለወለደች ሴት እጥፍ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ከማኅፀን የሚወጣውን ደምና ካኑላው የተተከለበትን ቦታ ሌሊቱን በሙሉ እናይ ነበር።

ሐኪሙ ብዙ ፈሳሽ አዘዘ፣ ሽንቷ በካቴተር እንዲለካም አደረገ። ክብደቷ 52 ኪሎ ነው፤ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ወደ 52 ሚሊ ሊትር ሽንት እንድትሸና ፈለግን። በመጀመሪያው ሰዓት የመጣው 20 ብቻ ነው፤ መልኩም ወፍራም ሻይ ይመስላል። በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 70። ሲነጋ ሻዩ ቀጠነ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሽንቷ ጠራ፤ ኩላሊቷ ተረፈ።

ለምን ተረፈች? የገባባት ከ30 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከረጢቱ ከ400 በላይ ይይዛል። ቀስ ብሎ ስለተጀመረ፣ መነሻው ስለተጻፈ፣ አክስቷም ዝም ስላላሉ ነው። ስህተቱን የሠራነው እኛ ነን። ያስቆመውም ቻርቱና አንዲት አስታማሚ ናቸው። በማግስቱ የሆነውን ሁሉ ጽፈን ለኃላፊ ሰጠን፤ ለታማሚዋና ለአክስቷም ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ማመሳከር ቀረ፤ ሁለቱም ነርሶች አልጋው ድረስ ይሄዳሉ።

ደም ሲወስዱ የሚመጣ ነገር ሁሉ እንዲህ ከባድ አይደለም፤ እንዳትፈሩ። ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ ይቀነሳል ወይም ለጊዜው ይቆማል፣ የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ በ30 ደቂቃ ካልተሻላት ግን እንደ ከባድ ይያዛል። ብርድ ብርድ ብሏት ትኩሳት ከመጣ ደሙ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ በፓራሲታሞል የሚበርድ ነው። ግን የቀላሉና የከባዱ መጀመሪያ አንድ ይመስላልና ማመሳከሩና ምርመራው አይቀርም። ፊት ካበጠ፣ ደረት ካፏጨ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ደሙ ተዘግቶ አድሬናሊን ጡንቻ ላይ በፍጥነት ይወጋል። ሌላም አለ፤ በእርጅና ወይም ለረጅም ጊዜ በቆየ የደም ማነስ ልቡ የደከመ ሰው ደሙ በትክክል ቢገጥምም ፍጥነቱ ይከብደውና ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወይም በሰመመን ውስጥ ካለ ወገቤን አመመኝ ሊል አይችልም፤ ለእሱ የሚናገርለት ቻርቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ አስታማሚ ሆናችሁ ስትቀመጡ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው። ነርሷ ስም ስትጠይቅ ለታማሚዋ አትመልሱላት፤ መናገር ከቻለች ራሷ ትናገር። ደሙ ቀዘቀዘ ብላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታድርጉት፤ ሙቀት ደሙን ያበላሸዋል። የቱቦውን መቆጣጠሪያ አትንኩ፤ ቶሎ ይለቅላት ብሎ የሚከፍት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ ነገር ካለች፣ በረደኝ፣ አሳከከኝ፣ ወገቤን፣ ክንዴን፣ ፈራሁ ካለች፣ ነርሷ ልትመጣ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ ጥሯት። ሽንቷ ከጠቆረ አትድፉት፣ አሳዩ። ቤት ከገባችም በኋላ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ድካሙ ከተመለሰ ወደ ሆስፒታል መልሷትና ደም መውሰዷን ተናገሩ። ዘግይቶ የሚመጣም አለና።

በመጨረሻ ይህን ልንገራችሁና ልቀመጥ። ሴትዮዋ ከሁለት ቀን በኋላ ትክክለኛውን ደሟን ወሰደች። ከረጢቱንና ካርዷን ይዤ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። «ስምሽ ማን ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። «የአባትሽስ?» ነገረችኝ። «የአያትሽስ?» ስላት ሳቀች። «ሲስተር፣ እስካሁን አላወቅሽኝም?» አለችኝ። «አውቄሻለሁ፤ ግን ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ፣ ካርዷን አየሁ፣ ባልደረባዬም አየች፣ ፈረምን። ለካሁና ጻፍኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ 15ኛው ደቂቃ እስኪደርስም አልተነሣሁም።